ጋሽ ነገር ግን እና የደልጊው ማጨሻ ቤት

ጋሽ ገድሉን የተዋወቅኳቸው ስላይዴን ሲያበላሹብኝ ነው።

እኔ አካሉ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ባሕር ዳር የመጣሁት እንጀራ ፍለጋ ነው። ጣና ዳር ባለ አንድ የዓሣ ምርምር ማዕከል ውስጥ፣ ተመራማሪዎች የደረሱበትን ውጤት ለሰው ዓይን በሚመች መልክ አዘጋጃለሁ፤ ስላይድ፣ ፖስተር፣ በራሪ ወረቀት። በሥራዬ እኮራለሁ። አንድ ስላይድ፣ አንድ ሐሳብ፣ አንድ ትልቅ ቁጥር፣ ዙሪያውን ነጭ ባዶ ቦታ። ሌላ ሃይማኖት አልነበረኝም ብል ማጋነን አይሆንም።

ጋሽ ገድሉ ደግሞ የማዕከሉ ማጠቃለያ ጸሐፊ ናቸው። ተመራማሪው ሠላሳና አርባ ስላይድ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው አንብበው፣ ጠይቀው፣ ለኃላፊዎችና ለዓሣ አስጋሪ ማኅበራት የሚሆን አንድ ገጽና አንድ ስላይድ ያወጡለታል። እኔ አስውበዋለሁ። በገባሁ ሰሞን እንደዚያው አስውቤ ስጨርስ ከኋላዬ መጥተው ቆሙና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ኮከቧ የት ሄደች?» አሉኝ።

«የቷ ኮከብ?»

«ቁጥሩ ትከሻ ላይ የነበረችው ናታ! ከግርጌ ማስታወሻ ነበራት።»

«ጋሼ፣ በስምንት ቁጥር ፊደል የተጻፈ ነገር ማን ያነባል ብለው ነው? አጠፋኋት።»

«እኔስ የምልህ ይኸንኑ አይደል? ማንም አያነበውምና ወደ ላይ አምጣው።»

ወደ ላይ መጣ። ነጩ ባዶ ቦታዬ በአንድ ጊዜ በፊደል ተሞላ። ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ፤ ስናደድ ምግብ አይወርድልኝም።

ጋሽ ገድሉ ወፍራም፣ ሳቃቸው ከግቢው በር የሚሰማ፣ ሰላምታቸው ትከሻ የሚሰብር ሰው ናቸው። ጥንቁቅ ሰው ሲባል ጭምት፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ፊቱ የጠቆረ ይመስለን የለ? እሳቸው ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የተወለዱት ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ነው። አባታቸው የአንድምታ መምህር ነበሩ። የመጽሐፉን ቃል አንብበው «አንድም» እያሉ ሌላውን ትርጓሜ፣ ደግሞ «አንድም» እያሉ ሦስተኛውን የሚያወርዱ። ደቀ መዝሙር አንዱን ትርጓሜ ይዞ ሌላውን ከጣለ እንደገና ከመጀመሪያው ያስብሉት ነበር አሉ። «አባቴ ‹በቅሎዋን ስትወስድ ልጓሟን አትተው› ይለኝ ነበር» ይላሉ ጋሽ ገድሉ። ልጃቸው ግን ለክህነት አልሆነም፤ ታንኳ ቀዝፎ ተሻግሮ አስኳላ ገባ፤ ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ ስታትስቲክስ ተማረ፤ ከዚያ እዚሁ ማዕከል ገብቶ ቀረ።

በቢሮው ውስጥ «ጋሽ ነገር ግን» ነው የምንላቸው። ፊት ለፊትም እንላቸዋለን፤ ይስቃሉ እንጂ አይቀየሙም። ባለቤታቸው እትዬ አደይ ሽሮው እንዴት ነው ብለው ሲጠይቋቸው «የዛሬው፣ እኔ እንደቀመስሁት፣ በጣም ጥሩ ነው» ይላሉ። እትዬ አደይ ጭልፋውን ያነሣሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ‹ሽሮሽ ጥሩ ነው› ብሎኝ አያውቅም» እያሉ ለኛ ይከሳሉ። ጋሽ ገድሉም «የነገውን ሳልቀምስ እንዴት ልመስክር?» ይላሉ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ሳገባ ሽማግሌ ሆነው መረቁን። ከሙሽሪት ከርሆቦት ጋር ጉልበት ስመን ቆመን፣ የቢሮው ልጆች ሁሉ «ነገር ግን» የምትለዋን ቃል እየጠበቁ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ጋሽ ገድሉ «ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንደ ጣና የማትነጥፉ ሁኑ» ብለው ዝም አሉ። አለቀ። በኋላ ጠጋ ብዬ «ዛሬስ ምነው ነገር ግን የለም?» ብላቸው «ሞኝ! ምርቃት እኮ ውጤት አይደለም፤ ልመና ነው። ልመና የግርጌ ማስታወሻ የለውም» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው መውደድ የጀመርኳቸው።

እውነቱን ለመናገር ግን እሳቸውም አንድ ጊዜ ተሳስተዋል። እኔ ሳልመጣ በፊት ስለ አንድ የመረብ ሙከራ ማጠቃለያ ጽፈው፣ የተመራማሪውን ማስታወሻ ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ደርድረው፣ «ሊሆን ይችላል»ና «ምናልባት» አብዝተው ላኩት። ማጠቃለያው የደረሳቸው ኃላፊ ስልክ ደውለው «አቶ ገድሉ፣ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ለመሆኑ መረቡ ይጠቅማል አይጠቅምም?» አሏቸው። መረቡ ደግሞ በደንብ ይጠቅም ነበር። ማስታወሻ ተከማችቶ ውጤቱን ቀበረው። ጋሽ ገድሉ ይህን ታሪክ ራሳቸው ናቸው እየሳቁ ለአዲስ ሠራተኛ የሚያወሩት። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዷ የግርጌ ማስታወሻ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ይህን ቢያውቅ ሰውየው የሚያደርገውን ይለውጥ ነበር? አዎ ከሆነ ማስታወሻዋ ከግርጌ ተነሥታ ከውጤቱ ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትገባለች። አይ ከሆነ እዚያው ታች ትቀመጣለች። ዓሣው የተመዘነበት ሚዛን የየትኛው ፋብሪካ ሥራ እንደሆነ ታች ይቀመጣል። ዝናብ ግን ታች አይቀመጥም።

ዝናብ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ዶክተር ቃልኪዳን የምትባል ተመራማሪ አለችን፤ የእኔ እኩያ፣ ፈጣን፣ በሥራዋ የማትደራደር። ዓሣ በፀሐይ ማድረቂያ ድንኳን ሞክራ ነበር። ቁም ነገሩ ቀላል ነው፦ በእንጨት ቆጥ ላይ ነጭ ላስቲክ ይወጠራል፣ ውስጡ ይሞቃል፣ ዝንብና አቧራ ሳይነካው ዓሣው ቋንጣ ይሆናል። ውጤቷን በሠላሳ ስድስት ስላይድ አመጣችው። በመጨረሻው ስላይድ ላይ «ብክነት በ40 በመቶ ቀነሰ» ይላል። ከቁጥሩ አጠገብ ኮከቦች አሉ። ከግርጌ ደግሞ ማስታወሻዎቹ፤ ቃልኪዳን ምንም አልደበቀችም። ሙከራው የተካሄደው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። ቁጥሩ ቀረሶ የሚባለው የዓሣ ዓይነት ነው፤ አምባዛ በሚባለው ሌላው ዓሣ ላይ የታየው ልዩነት የተሞከሩት ዓሦች ጥቂት ስለነበሩ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ ጣቢያዎች በአንዱ ድንኳኑን ነፋስ ስለቀደደው ስሌቱ ውስጥ አልገባም። አራተኛው ስለ ሚዛኑ ነበር።

የማዕከሉ ዳይሬክተር አቶ ግሩም ቢሯቸው ጠሩን። አቶ ግሩም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ለማዕከሉ ሲሉ ከማንም ጋር ይጋፈጣሉ። ብቻ ረጅም ነገር ያንገሸግሻቸዋል፤ በዚህ ላይ እኔና እሳቸው እንግባባለን።

«ግንቦት ላይ ሐይቁን ተሻግረን ደልጊ እንሄድና ዓሣ ለሚያደርቁት ሴቶች ማኅበር ውጤቱን እናበስራለን። አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡኝ። ‹ድንኳኑ ብክነትን በአርባ በመቶ ቀነሰ።› አለቀ ደቀቀ።»

ጋሽ ገድሉ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «መልካም ነው። ሴቶቹ ይኸን ሰምተው ምን የሚያደርጉ ይመስልዎታል?»

«ድንኳን ይተክላሉዋ!»

«መቼ?»

«ወዲያው ነዋ፤ ለክረምት።»

«ክረምት ላይ አልሞከርነውም እኮ።»

አቶ ግሩም ቃልኪዳንን አዩ። ቃልኪዳን ራሷን ነቀነቀች። «ግርጌው ላይ ጽፌዋለሁ» አለች።

«ጽፈሻል፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉ ጋሽ ገድሉ። «ሌላም አለ። አርባ በመቶ ሲባል ሰው ከመቶ ዓሣ አርባው ተረፈ ብሎ ነው የሚይዘው። በሙከራው ያለ ድንኳን ከመቶው ሃያ አምስቱ ይበላሽ ነበር፤ በድንኳን አሥራ አምስት ሆነ። የተረፈው አሥር ነው። ሁለቱም አነጋገር ውሸት አይደለም፤ አንዱ ግን ያሳስታል።»

«አቶ ገድሉ፣ ሰው እኮ ተስፋ ይፈልጋል! እንዲህ እየተዘበዘበ ሲነገረው እንቅልፉን ነው የሚተኛው» አሉ አቶ ግሩም። በልቤ አሜን አልኩ።

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የጋሽ ገድሉ ሐሳብ ረታ። እኔ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ፊደል ሳሳንስ፣ መስመር ሳቃርብ፣ ስረግም ዋልኩ። ስላይዱ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ «በበጋ ወራት ከመቶ ቀረሶ ሃያ አምስት ይበላሽ የነበረው፣ ነፋስ ባልቀደዳቸው ድንኳኖች ውስጥ አሥራ አምስት ሆነ። በዝናብ ገና አልተሞከረም፤ ለአምባዛ ገና አልታወቀም።» ፊደሉ ሁሉ እኩል። አንድም ኮከብ የለም። አላማረኝም፤ ግን ከኋላ ወንበር ይነበባል።

በማዕከሉ ጀልባ ከማለዳ ተነሥተን ሐይቁን ተሻገርን። ጋሽ ገድሉ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው ደሴት ባለፍን ቁጥር የካህናቱን ስም ይነግሩናል፤ አንዳንዱን «እንደሰማሁት ነው» እያሉ። ደልጊ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ሴቶቹ ወደቡ ዳር ባለው የማኅበር አዳራሽ ተሰብስበው ይጠብቁናል።

ሊቀመንበራቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት። ወደ አዳራሹ ሳንገባ ይዘውን ዞሩ። ማጨሻ ቤታቸውን አሳዩን፦ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ውስጡ ከጭስ ብዛት የጠቆረ፤ ዓሣውን ከቆጥ ላይ ሰቅለው ከታች እሳት እያነደዱ የሚያጨሱበት። ራሳቸው ጭቃ አቡክተው፣ ከማኅበርተኞቻቸው ጋር የሠሩት ነው። «ጭሱ ዓይናችንን አጠፋው» አሉ። «ያም ሆኖ ያለፈው ክረምት በረዶ የሚያመጣልን መኪና በጭቃ ተይዞ ሳይደርስልን ቀረና ዓሣችን ለወፍ ተጣለ። ማጨሻው ብቻውን አልበቃን አለ። ሴቶቹ ተስፋ ቆርጠዋል፤ ዘንድሮ እንደዚያ ከሆነ ማኅበሩ ይበተናል። ለዚህ ነው የእናንተን መምጣት እንደ ልደት የጠበቅሁት።»  እኔም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የስላይድ ነገር እንዳልሆነ የገባኝ።

አዳራሽ ገባን። ፕሮጀክተሩን ሰካሁ። የእኔ ፊደል ግድግዳው ላይ በርቶ ሴቶቹ ገና ሲጠጉ መብራት ጠፋ። ጉድ እኮ ነው! ጠበቅን፣ አልመጣም።

አቶ ግሩም ተነሡ። «ግዴለም፣ በቃል እነግራቸዋለሁ» አሉ። ተናገሩም። ንግግር ያውቁበታል። ስለ ሴቶቹ ድካም ተናገሩ፣ ስለ ማዕከሉ ተናገሩ፣ ስሜት ያዛቸውና «ይህ ድንኳን ብክነትን በአርባ በመቶ ቀንሷል!» አሉ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያ ሁሉ በጋ፣ ያ ሁሉ አምባዛ፣ ያ ሁሉ ነፋስ፣ ስላይዱ ላይ ከመብራቱ ጋር ጠፍቶ ቀረ።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እልልታው ሳያልቅ ብድግ አሉ። «እንግዲያው ሰማችሁ! ነገ ማጨሻ ቤቱን እናፈርሳለን። ሜዳ ያለን እሱ የቆመበት ነው፤ ድንኳኑን እዚያው እንተክላለን። ቆርቆሮውንም ለሌላ እናደርገዋለን። ክረምት ሳይገባ እንጨርስ!»

ቃልኪዳን ክንዴን ጨበጠችኝ።  አቶ ግሩምን አየሁ፤ እሳቸውም የተናገሩት ነገር የት እንደደረሰ ገና እየገባቸው ነበር።  ጋሽ ገድሉ ብቻ ያንን ትልቅ ሰውነታቸውን ይዘው ተነሡና ሳቁ። በዚያ ሰዓት መሳቅ የሚችል ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ አቶ ግሩም የነገሯችሁ እውነት ነው። እውነቱ ግን ገና አላለቀም፤ ቀሪው እኔ ዘንድ ነው። እስኪ ሃያ ሴቶች ወደዚህ ውጡልኝ። ዓሣ ላደርጋችሁ ነው።»

ሳቅ ሆነ። ተገፋፍተው ሃያው ወጥተው ተሰለፉ። ጋሽ ገድሉ በሰልፉ ፊት እየተመላለሱ «ሁላችሁም ቀረሶ ናችሁ» አሏቸው። «ያለ ድንኳን፣ ከሃያችሁ አምስት ትበላሻላችሁ። አንቺ ተበላሸሽ፤ አንቺም፤ አንቺም...» አምስቱን ወደ ጎን አወጧቸው። ከተበላሹት አንዷ «ምነው እኔን! ዛሬ ጠዋት የተያዝሁ ነኝ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «አሁን ድንኳን ገባችሁ» አሉና ከአምስቱ ሁለቱን እጅ ይዘው ወደ ሰልፉ መለሱ። «እነዚህ ተረፉ። ሦስቱ አልተረፉም። አርባ በመቶ የሚባለው ይህ ነው፤ ይበላሹ ከነበሩት አምስት ሁለቱ ዳኑ።»

 አንዲት ወጣት ሴት «ከሃያው ስምንቱ የሚድን መስሎኝ» አለች።

«እኔም ስሰማው እንደዚያ ነበር የመሰለኝ» አሉ ጋሽ ገድሉ። ዋሽተው ይሁን አይሁን አላውቅም። «ሁለትም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም። የዓሣውን ብዛት እናንተ ታውቁታላችሁ። ደስ ይበላችሁ። ነገር ግን...»

እኔ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ዞር ብለው አዩኝና ቀጠሉ።

«ነገር ግን ይኸን ያየነው በበጋ ነው። ፀሐይ እያለ።»

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ጠየቁ። «ዝናብ ሲዘንብስ?»

ጋሽ ገድሉ ወደ ቃልኪዳን ተመለከቱ። ቃልኪዳን ተነሣች። «አልሞከርነውም፣ እትዬ።»

«አይሠራም ማለት ነው?»

«አይደለም። አይሠራም አላልኩም፤ ይሠራልም አላልኩም። አናውቅም።» ስለ አምባዛው፣ ስለ ነፋሱም እንዲሁ ነገረቻቸው። 

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ተቆጡ። በእውነት ተቆጡ። «ታዲያ ምን ልትሉን ነው ሐይቅ የተሻገራችሁ? እኛን የሚገድለን ክረምት ነው! በበጋማ ቆርቆሮ ላይም ይደርቃል!»  ሴቶቹ እርስ በርስ መንሾካሾክ ጀመሩ። ደስታው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሸሸ፤ ጋሽ ገድሉን ጠላኋቸው ማለት ይቻላል። ያች «ነገር ግን» ባትኖር ኖሮ በእልልታ ተሸኝተን ነበር የምንሄደው።

ጋሽ ገድሉ ግን አልሸሹም፤ ፊታቸውም አልጠቆረም። ወደ ሴትየዋ ቀርበው ጎንበስ አሉ። «እውነትዎን ነው። መቆጣትም አለብዎ። ብቻ ነገ ማጨሻ ቤቱን አፍርሰው ሐምሌ ላይ ድንኳኑ ባይሆንስ? ያን ጊዜ ምን ይይዛሉ? እኔ ባሕር ዳር ቤቴ ነኝ። እርስዎ ነዎት እዚህ የሚቀሩት።»

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ፊታቸውን ወደ ውጭ መለሱ። በመስኮቱ በኩል ማጨሻ ቤቱ ይታያል። ከዚያ ቀስ ብለው «ማንም አያውቅም ነው የምትሉኝ?» አሉ።

«ማንም።»

«የዩኒቨርሲቲዎቹም?»

«እኛ እስከምናውቀው ድረስ ማንም።»

«እንግዲያው እኛ እናውቀዋለን!» ብለው ብድግ አሉ። «ማጨሻ ቤቱ አይፈርስም። ከጎኑ ያለውን ድንጋይ ለቅመን ሜዳ እናወጣለን። ድንኳኑም ይምጣ። ክረምቱን ግማሹን እዚያ፣ ግማሹን እዚህ እናደርግና የሚሆነውን እናያለን። አንቺ ልጄ፣ መጥተሽ ታስተምሪናለሽ። ወይስ ዝናብ ትፈሪያለሽ?»

ቃልኪዳን አልፈራችም። እልልታው እንደገና ሆነ። የአሁኑ ከፊተኛው ይበልጥ ነበር ብዬ እምላለሁ፤ ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

በመልሱ ጉዞ አቶ ግሩም ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሐይቁን ሲያዩ ቆዩ። ሁላችንም የሚቆጡ መስሎን ነበር። በኋላ ዞረው «አቶ ገድሉ፣ እኔንም ዓሣ ሳታደርገኝ መቅረትህ ደግ ነው» አሉ። ጋሽ ገድሉ ሳቃቸው ጀልባውን አወዛወዘው። «እርስዎማ ደኅና ነዎት፤ ከተበላሹት አምስት አንዱ አይደሉም» አሏቸው። አቶ ግሩምም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግግር ሲያደርጉ የማጠቃለያዋን ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ አጥፈው ይይዛሉ።

ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡም ያለ ርኅራኄ ጣለው። ቃልኪዳን በጭቃው ደልጊ እየተመላለሰች ሰነበተች። እኔም ነሐሴ ላይ ፎቶ ላነሣ አብሬያት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ብቻ የዋለው ዓሣ ሻግቶ አየሁት፤ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ማጨሻ ቤቱ ግን ቆሟል፤ ከቆርቆሮው ሥር ጭሱ እየተትጎለጎለ ይወጣል። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስና ሴቶቹ ነገሩን አዳቅለውታል፦ ዓሣውን በመጀመሪያ ያጨሱታል፣ ከዚያ ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ድንኳኑ ያሸጋግሩታል። እንደዚያ የተደረገው ቀረሶ ከሌላው ሁሉ ያነሰ ተበላሸ። ማኅበሩ አልተበተነም። ተስፋ ቆርጠው ከነበሩት ውስጥ ተመልሰው የመጡ ነበሩ። ከጭሱ በርበሬ የተነሰነሰበት ትኩስ ዓሣ አውጥተው አበሉን፤ ዝናብ እየወረደብን ቆመን በላነው፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ኅዳር ላይ ባሕር ዳር ትልቅ ጉባኤ አደረግን። ከሐይቁ ዙሪያ ማኅበራት መጡ፤ በሰሜን ካለችው ከቆላ ድባም ሳይቀር። ውጤቱን ቃልኪዳን ልታቀርበው ነበር፤ እሷ ግን «የሠሩት እሳቸው ናቸው» ብላ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስን አስወጣቻቸው። ስላይዱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ገድሉ ምንም ሳይሉኝ፣ ‹አንድ ክረምት፣ አንድ መንደር ብቻ› የሚለውን በትልቁ ፊደል አስገባሁት። አይተውት ትከሻዬን በቡጢ መቱኝ። አሁንም ያመኛል።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ስላይዱን ዞረው አላዩትም። ክረምቱን በቃላቸው ተረኩት፤ የሻገተውንም፣ የዳነውንም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከሰሜኑ ዳርቻ የመጡ አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው፣ ዓይናቸው እያበራ «እልል በይ የእኔ እኅት! እኛም እንዲሁ ልናደርግ ነው። ነገ ሄደን ያለውን አፍርሰን እንደ እናንተው እንሠራለን!» አሏቸው።

አዳራሹ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እጃቸውን ዘረጉ። 

«እንዳታፈርሺ» አሏቸው። «እኔ የሞከርሁት ደልጊ ነው፣ አንድ ክረምት ነው፣ ቀረሶ ነው። የአንቺን አገር ዝናብ አላውቀውም። ከጎኑ ሠርተሽ እይው፤ ያለሽን ይዘሽ እይው። እኔ ላፈርስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ነው የነገሩኝ።»

እናትዮዋ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና «እግዜር ያክብርሽ» አሉ። ከአጠገቤ የነበሩት ጋሽ ገድሉ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን በእጃቸው መዳፍ ጠረጉ።  ለአንድ ውጤት የሚጨምሩት «ነገር ግን» ሲያጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።